«ደህና ነሽ ግን?»፦ ከልብ የሆነ ሰላምታ የት ላይ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ከተመለስኩ ሰባት ወሬ ነው። አባቴ ታመው ቤት ተኝተዋል። ጎረቤታችን እትዬ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ፣ አባትሽ እንደምን አደሩ፣ ቤቱ ሁሉ ደህና» እያሉ አንድ ሳያስቀሩ ይጠይቁኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩኝም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያየ በፈገግታ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፤ ግን መልሴን የሚሰማኝ አይመስለኝም። የማንኛቸው ነው የምር? ከድምፅ፣ ከዝምታና ከዓይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦

ይቻላል፣ እህቴ። ግን የምንመለከትበትን ቦታ መቀየር አለብን። ብዙዎቻችን የመጀመሪያዋን «እንደምን አደርሽ» አጥብቀን እንመረምራለን። ፈገግ አለ? ዓይኔን አየ? ድምፁ ሞቅ ያለ ነው? እዚያ ላይ የሚገኘው ነገር ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር ያለው አንቺ ከመለስሽ በኋላ ባለችው አንዲት ሴኮንድ ውስጥ ነው።

ሥራዬ ሰዎች ሲነጋገሩ ፈቃዳቸውን ጠይቄ መቅዳት ነው። የቀዳሁትን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ቃሉን ከነትንፋሹና ከነዝምታው እጽፋለሁ። ብዙ ዓመት የቆየሁበት ደግሞ ሰላምታ ነው። ስለዚህ ከአገራችን ሰላምታ አሠራር ልነሳ።

ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያው ዙር ሰላምታ ዕዳ ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ጎረቤትን ሰላም ሳይሉ ማለፍ እንደ ጠብ ይቆጠራል፤ «ምን አድርጌያት ነው?» ያስብላል። ስለዚህ ሰው ቢቸኩልም፣ ቢከፋውም፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ቢሆንም ዕዳውን ይከፍላል። እንደምን አደርሽ፣ ቤተሰቡ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ሥራ ደህና። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሰዎች እኩል ያወራሉ። አንዷ «እንደምን አደርሽ» ስትል ሌላዋ «ደህና፣ አንቺስ፣ ልጆቹስ» እያለች በላይዋ ላይ ትናገራለች። ከሌላ አገር የመጣ ሰው «አይደማመጡም» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፣ አይደማመጡም። በዚያ ሰዓት መደማመጥ አያስፈልግም። ያ ዙር የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመካከላችን ክፉ ነገር የለም።

ከዚህ ዙር የሰውን ልብ ለማንበብ መሞከር፣ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ከከፈለ ሰው ገጽታ ላይ ፍቅር እንደመፈለግ ነው። መክፈል የነበረበትን ከፈለ፣ አበቃ።

ከልብ የሆነው የሚጀምረው ዙሩ ካለቀ በኋላ ነው። የጥያቄው ዝናብ ሲያባራ ትንሽ ጸጥታ ይመጣል። ከዚያ አንዱ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ይጠይቃል። «ደህና ነሽ ግን?» ወይም «እና... አባትሽስ?» ይላል። ይህን ሁለተኛው ጥያቄ እለዋለሁ። ቃሉ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። ቅድም «ደህና» ተብሎ የተመለሰውን ነው እንደገና የሚጠይቀው። ሆኖም ያቺ «ግን» ብዙ ትሸከማለች። «ቅድም ደህና ብለሽኛል፤ እሱን ለወጉ ነው ያልሽው፤ አሁን የምሩን ንገሪኝ» ማለት ናት። አፍ መፍቻው አማርኛ የሆነ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ፤ ከሦስቱ ምልክቶች አብዝቼ የማምነው እሱን ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነበር። በተለያዩ አህጉራት የሚነገሩ 10 ቋንቋዎችን ወስዶ፣ ሰው ሲጠየቅ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለካ። አማርኛ ከአሥሩ ውስጥ አልነበረም። በቋንቋዎቹ መካከል ልዩነት ቢኖርም አማካዩ ወደ 0.2 ሴኮንድ ገደማ ነው። ይህ ዓይን ከመርገብገብ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። በሌላ በኩል አንድን ቃል አስቦ፣ ከአእምሮ አውጥቶ፣ ለመናገር ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ትርጉማቸው ግልጽ ነው። በ0.2 ሴኮንድ የመጣ መልስ ጥያቄው ሳያልቅ የተዘጋጀ ነው። «እንደምን አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል፣ ምስጋናው አፍ ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ለመጀመሪያው ዙር ይህ ትክክል ነው፤ ዕዳ ቶሎ ሲከፈል ነው የሚያምረው።

አሁን ሰውዬው አንቺን የሚሰማሽ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። መልስሽን ሰምቶ፣ ከመልስሽ ውስጥ አንድ ነገር አንስቶ፣ በእሱ ላይ ጥያቄ መሥራት አለበት። ያ ቀድሞ አይዘጋጅም። ስለዚህ ትንሽ ይዘገያል። ግማሽ ሴኮንድ፣ አንዳንዴ አንድ ሴኮንድ ሊሆን ይችላል። ሰዓት መያዝ አያስፈልግሽም። «እንደምን» የምትለዋን ቃል በልብሽ ረጋ ብለሽ በያት፤ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ናት። ያቺን የምታህል ክፍተት ካለች፣ አንድ ሰው እያሰበ ነው።

ዝምታው ብቻውን ግን አይበቃም። ሐሳቡ የሄደበት ሰውም ይዘገያል። የሚለያቸው ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል ነው። የሰማሽ ሰው የሚናገረው ከአንቺ መልስ ጋር ይያያዛል። ያልሰማሽ ሰው የሚናገረው ግን ለማንም ሰው ሊባል የሚችል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ግኝት ላንሳ። ጌል ጄፈርሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። ሰዎች «እንዴት ነሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ችግር ካለባቸው ወዲያው አይናገሩትም። ሙሉ በሙሉ «ደህና ነኝ» ብለው መዋሸትም አይፈልጉም። መሐል ላይ ያለች ቃል ይመርጣሉ። ያቺ ቃል በሩን ገርበብ አድርጋ ትተዋለች። ጠያቂው መግባት ከፈለገ ይገባል፤ ካልፈለገ ሁለቱም ሳያፍሩ ያልፋሉ።

ጄፈርሰን ያጠናቻቸው ንግግሮች የእንግሊዝኛ ናቸው። እኔ ግን ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው «አለሁ» ነው። «እንዴት ነሽ?» «አለሁ።» ወይም «እንዳለሁ አለሁ።» ወይም ረዘም ካለ ትንፋሽ ጋር «ምን ይላል... ተመስገን ነው።» እነዚህ «ደህና» አይደሉም። ማማረርም አይደሉም። ገርበብ ያሉ በሮች ናቸው። ሰላምታው የወግ የሆነ ሰው «አለሁ»ን እንደ «ደህና» ይሰማታል፤ ከልቡ የሆነ ሰው ግን ልዩነቱን ይሰማል።

ይህ በራሴ ላይ የደረሰበትን ጠዋት ካልነገርኩሽ ነገሩ አይገባም።

እናቴ ታማ ተኝታ በነበረበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ታች ወርዶ ነው። አንድ ማለዳ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሰፈራችንን ባለሱቅ አገኘሁ። ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ገና ከሩቅ እጁን አነሳ። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ፈገግታው ሙሉ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያየኛል።

«እንዴት አደርክ! ሰላም ነው? እናታችንስ ደህና ናቸው?»

«አለች።»

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን ነው!»

እሰይ! «አለች» ያልኩት እኮ «ገና አልሞተችም» ለማለት ትንሽ የቀረው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አድራለች። «እሰይ»ው የወጣው ግን «አለች» ሳያልቅ ነው፤ ምናልባት የመጨረሻዋ «ች» ላይ። ምንም ክፍተት የለም። ድምፁም ቅድም በነበረበት ከፍታ ላይ ነው፤ የእኔ ድምፅ ወርዶ የእሱ አልወረደም። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነበር፤ ጆሮው ግን አልነበረም።

ትንሽ ወረድ እንዳልኩ ደግሞ ግንድ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። ብዙ አያወሩም። አጎንብሼ ሰላም አልኳቸው። ዱላቸውን በመሬት ላይ እያዞሩ፣ እሱኑ እያዩ ነው የመለሱልኝ።

«እግዜር ይመስገን ልጄ። እናትህስ?»

«አለች።»

ዱላው ቆመ። አንድ ሴኮንድ ያህል ምንም አልተባለም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አለች?» አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቃሌን መልሰው ለእኔው ሰጡኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «እህል ትቀምሳለች?»

እሷን ጥያቄ ስሰማ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሁለት ቀን ምንም እንዳልቀመሰች ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ያንን አልጠየቀኝም ነበር።

ሁለቱን ሰላምታዎች በዓይን ብቻ ለክተን ቢሆን ባለሱቁ ያሸንፍ ነበር። ከሩቅ እጁን ያነሳው እሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያየኝ እሱ ነው፤ የሳቀልኝም እሱ ነው። ሽማግሌው ሲጠይቁኝ የሚያዩት መሬት ነበር። ሦስቱም ምልክቶች የተሰበሰቡት ከ«አለች» በኋላ ባለችው ሴኮንድ ላይ ነው። እጁ ቆመ፣ ዓይኑ ተነሳ፣ ድምፁ ወረደ። የምር የሆነ ሰላምታ መለያው እነዚህ ነገሮች መኖራቸው ሳይሆን አንቺ በተናገርሽው ምክንያት መለወጣቸው ነው።

ስለ ድምፅ ይህንኑ አስፍቼ ላስረዳ። ብዙ ሰው «የሞቀ ድምፅ የእውነት፣ የቀዘቀዘ ድምፅ የውሸት» ይላል። ቀድቼ የሰማኋቸው ይህን አይደግፉልኝም። በጣም የሞቀውን ድምፅ የምሰማው ምግብ ቤትና ሆቴል በር ላይ ነው፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ለሁሉም ሰው እኩል ነው የሚሞቀው። እንዲያውም ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው የሚያሳብቅበት።

የወጉ ሰላምታ ዜማ አለው። ቁጥር እንደሚቆጥር ሰው ነው። «እንደምን አደርሽ» ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ «ቤቱ ደህና» ትንሽ ይወርዳል፤ «ልጆቹ ደህና» ደግሞ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ከትንፋሽ ጋር ያልቃል። ልብ በይ፦ ቃሎቹ ጥያቄ ናቸው፣ ዜማው ግን የጥያቄ አይደለም። ቃሎቹም ይቦጫጨቃሉ። «እንደምን አደርሽ» «ንደምናደርሽ» ትሆናለች። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ፊደሉን ሙሉ በሙሉ የሚናገርለት ሰው የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ዜማው እንደ አዲስ ይጀምራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፊደሎቹ ይመለሳሉ። «አባትሽስ?» የምትለው «ስ» ሳትዋጥ ትሰማለች። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ነው የሚለው። ለሁለታችሁ ብቻ እንዲሆን ይጠጋል። አንቺ ዝቅ ባለ ድምፅ ከመለስሽ፣ የሚሰማሽ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ወደ አንቺ ድምፅ ያወርዳል። ይህንን ማስመሰል ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። በቀላሉ የሚሞክሩት ነገር አለ። ሰውዬው ካንቺ በኋላ ለሚመጣው ሰው በትክክል በዚያው ዜማ «እንዴት ነህ» ይላል? ካለ፣ ዜማው የእሱ እንጂ ያንቺ አይደለም።

ወደ ዓይን ስመጣ ጥንቃቄ እጨምራለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዓይን ለዓይን ማየት እውነተኝነት ነው» የሚለውን አሠልጣኞች በየቦታው ይናገሩታል። በእኛ አገር በቀጥታ አይሠራም። ታናሽ ታላቁን ሲሳለም ዓይኑን ይሰብራል፤ ይህ አክብሮት ነው። ትኩር ብሎ ማየት «ያፈጣል» ያሰኛል። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው መሬት መሬት እያዩ ነው የሚሄዱት፤ ሰላም ቢሉሽም ከዚያው ጸጥታ ሳይወጡ ነው።

በሌላ አገርም ቢሆን ነገሩ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። አዳም ኬንደንና አንድሩ ፈርበር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ አለ። ግቢ ውስጥ የተደረገ የልደት ድግስን በፊልም ቀርጸው፣ እንግዶች እንዴት እንደሚሳለሙ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ተመለከቱ። ሰዎቹ ከሩቅ ሲተያዩ ፈገግ ይላሉ፣ እጅ ያነሳሉ፤ ከዚያ እየተቀራረቡ ሲመጡ ዓይናቸውን ይሸሻሉ፤ ጥቂት እርምጃ ሲቀር እንደገና ይተያያሉ። በሚዋደዱ ሰዎች መካከልም ዓይን ይሄዳል ይመጣል። ሳያቋርጥ የሚያይሽ ሰው እንዲያውም ማየትን እንደ ሥራ የያዘው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «አየኝ ወይስ አላየኝም» አትበዪ። «መቼ ነው ያየኝ?» በዪ። ጥያቄውን ሲጠይቅ ያየሽና መልስ ስትጀምሪ ዓይኑን ከትከሻሽ በላይ የወረወረ ሰው አለ። ሲጠይቅ መሬት ያየና መልስሽ ላይ ቀና ያለ ሰው አለ። ሁለተኛው ነው የሚሰማሽ። ከዓይን ጋር እግርንም ተመልከቺ። ፊቱ ወዳንቺ ዞሮ እግሩ ወደ መንገዱ ከሆነ፣ ሰላምታው ከመጀመሩ በፊት የሚያልቅበት ጊዜ ተወስኗል። ቅርጫቷን መሬት ያስቀመጠች ሴት ግን ጊዜ ሰጥታሻለች።

ፈገግታን አልረሳሁትም። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. የእውነት ደስታ ፈገግታ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ፣ የአፍ ብቻ የሆነው ግን እንደማያንቀሳቅሰው ጽፏል። ዛሬ ብዙ ሰው ያንን ጡንቻ ሆን ብሎ ማንቀሳቀስ እንደሚችል ታውቋል። ስለዚህ እሱን ተይውና አጠፋፉን ተመልከቺ። የደስታ ፈገግታ ቀስ እያለ ነው የሚከስመው፤ ካለፈሽ በኋላም ፊቱ ላይ ትንሽ ይቆያል። የወግ ፈገግታ እንደ መብራት ነው፤ ሲያልፍሽ ጥርግ ይላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎችሽ።

ባልደረባሽ ዓይንሽን ያያል፣ ፈገግ ይላል። መልስሽን እንደማይሰማ የተሰማሽ ከሆነ ምናልባት ልክ ነሽ፤ ጆሮሽ ያቺን የጎደለች ግማሽ ሴኮንድ ሰምቶ ይሆናል። ግን አትቀየሚው። ቢሮ መተላለፊያ ላይ «እንዴት ነሽ?» ብዙ ጊዜ ጥያቄ አይደለም፤ «አይቼሻለሁ» ማለት ነው። እሱ ሰላም ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ ጥያቄ ነው ብለሽ ጠብቀሻል። አዲስ ከመጣሽና ቤት ውስጥ ሕመም ካለ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከወትሮው የበለጠ ይቆረቁራል።

እትዬን ግን በጥንቃቄ እንያቸው። እሳቸው ታላቅ ናቸው፤ ስለዚህ ዓይናቸውን የሰበሩት አንቺን ፈርተው አይደለም። የምገምታቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ አድርሰው የሚያልፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በማለዳ የሚሄዱበት አላቸው። ሁለተኛው፣ ሆድሽ እንዳይብሰው እየተጠነቀቁ ሊሆን ይችላል። የታመመ ያለበትን ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ትኩር ብለው ሲያዩት ያለቅሳል። ትልልቅ ሴቶች ይህን በደንብ ያውቃሉ። «አባትሽ እንደምን አደሩ» ብለው ዓይናቸውን ወደ በሩ ወይም ወደ መንገዱ የሚያደርጉት፣ አንቺ ሳትታዪ እንድትመልሺ ቦታ ለመስጠት ነው። ይህ ከቸልታ ጋር ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ከውስጥ ግን ፍጹም ሌላ ነው።

ሁለቱን ለመለየት መንገድ አለ፤ ማስመሰልም ማታለልም የለበትም። እስካሁን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደሩ» እያልሽ ትመልሺ ይሆናል። ይህ መልስ በሩን ይዘጋል። በተዘጋ በር ላይ የማይገባን ሰው ቸልተኛ ማለት አይቻልም። አባትሽ የከፋ ሌሊት ባሳለፉበት ጠዋት እውነቱን መልሺ፤ ግን በአጭሩ። «አሉ» በያቸውና ዝም በዪ። «ደህና ናቸው» ብለሽ አትሸፍኚው፤ ዘርዝረሽም አትናገሪው። ከዚያ ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ። ይህ ከባድ ነው። አንዲት ሴኮንድ ዝምታ ሰላምታ ውስጥ በጣም ረጅም ትመስላለች፤ ሰውም ደንግጦ «ግን ደህና ናቸው፣ ተመስገን» ብሎ ራሱ ይሞላታል። አንቺ ተያት።

«ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ እግራቸው ሳይቆም ካለፉ፣ ቢያንስ በዚያ ጠዋት ሰላምታው የወግ ነበር። እግራቸው ከቆመ፣ «አሉ?» ብለው ካስተጋቡ ወይም «እህ» ብለው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ከሳቡ፣ ከዚያም ስለ ሌሊቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሐኪሙ አንድ የተለየ ነገር ከጠየቁ፣ ሰባት ወር ሙሉ ሲጠይቁሽ የነበረው የምር ሳይሆን አይቀርም። በዚያች ቅጽበት ዓይናቸውም የሚነሳ ይመስለኛል። ባይነሳም ጥያቄውን እመኚ፤ የሚይዘው እሱ ነው።

ይህን በአንድ ጠዋት አትፍረጂበት። በቀዳኋቸው ውስጥ የሚያሳስተኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር ነው። አንዱ በተፈጥሮው ፈጣን ተናጋሪ ነው፤ ሌላው ዝግ ይላል። አንዱ ጆሮው ደከም ብሏል፤ የሚዘገየው አስቦ ሳይሆን ስላልሰማ ነው። አንዷ ሐዘን ላይ ናት፤ ድምፅዋ ለሁሉም ዝቅ ብሏል። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ያው ሰው በሌላ ቀን ነው። እትዬ ለሌሎች ጎረቤቶች እንዴት ነው ሰላም የሚሉት? እነሱንም አያዩም? ካላዩ ዓይናቸው ስላንቺ የሚናገረው ነገር የለም። ለአንቺ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ አንቺ ጋ አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱ ግን ከላይ እንዳልኩሽ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል።

ስልክ ላይ ደግሞ ዓይን የለም፤ ዝምታውንም ኔትወርኩ ያበላሸዋል። አውታሩ ራሱ መልስን ስለሚያዘገይ፣ የሚያናግርሽን ሰው መዘግየት ከልቡ ማሰብ ወይም ከሐሳብ መራቅ አድርገሽ አትተርጉሚው። እዚያ የሚቀርሽ የጥያቄው ይዘት ብቻ ነው።

የባለሱቁን ነገር ሳልጨርስ ትቼዋለሁ። ያን ጠዋት ሦስት ሰው ስኳርና ዳቦ ይጠብቀው ነበር፤ እኔ ያንን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እናቴ መባሷን ከሌላ ሰው ሰማ። ሱቁን ለልጁ ትቶ ቡና ይዞ ቤት መጣ። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ብዙ ቆየ፤ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብሎ ነበር። ያን ጠዋት ያለኝ «እሰይ» የወግ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው የምለው ይኸንኑ ነው። ሰውዬው ግን የወግ አልነበረም። ስለ ባልደረባሽም ከመወሰንሽ በፊት አንዴ መተላለፊያው ላይ ሳይሆን ቡና ላይ ተቀምጦ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ ስሚው፤ «አለሁ» በይውና ምን እንደሚል ጠብቂ።